የመታጠቢያ ቤታችን የፒቪሲ በር ከ14 ወራት በኋላ

የቀድሞው በራችን ከቺፕውድ የተሠራ ነበር። የታችኛው ጠርዙ ውኃ እየጠጣ አብጦ ወለሉን ይፍቅ ጀምሯል። ያስቀየረን ግን እርጥበቱ ብቻ አይደለም። አንድ ማለዳ እናቴን ራሷን አዞራትና ከበሩ ጀርባ ወደቀች። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለነበር በገፋነው ቁጥር እሷኑ ይገፋታል፤ መቀርቀሪያውም ከውስጥ ተዘግቷል። ሰብረን እስክንገባ ያለፉት ደቂቃዎች እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፉም።

ስለዚህ አዲሱን በር ሳዝ በመጀመሪያ የተናገርኩት ወደ ውጭ እንዲከፈት ነው። ማጠፊያውን በግድግዳው በኩል ስላደረግነው፣ ሲከፈት ግድግዳው ላይ ይለጠፋል እንጂ መተላለፊያውን አይዘጋም። ጉድለትም አለው፦ ከገላ መታጠብ በኋላ በበሩ ላይ የቀረው ውኃ ውጭ ይንጠባጠባል። ምንጣፍ ዘርግተንበታል።

ቁልፉ ከውስጥ በጣት ይዞራል፤ ከውጭ ደግሞ ሳንቲም የሚገባበት ስንጥቅ አለው። እናቴን በሳንቲም እንድትከፍተው አለማምጃታለሁ፤ እንግዶችም ስንጥቁ የት እንዳለ ያውቃሉ። ተራ መቀርቀሪያ ለመታጠቢያ ቤት አልመክርም።

ብዙ ያስቸገረን የአየር መግቢያው ነው። ገጣሚው ከበሩ ሥር ግማሽ ሴንቲሜትር እንኳ የማይሞላ ክፍተት ትቶ ሄደ። በሩ ሲዘጋ ያምራል፤ በሁለተኛው ወር ግን በጣሪያው ጥግ ጥቁር ሻጋታ ታየ፣ ፎጣዎችም እስከ ማታ አይደርቁም። የአየር ማስወጫው ይሽከረከራል፤ ነገር ግን የሚያስወጣው አየር በምን በኩል ይግባ? ለማረጋገጥ ማስወጫውን ከፍቼ በሩን ዘጋሁና ቀጭን ሶፍት ከውጭ በክፍተቱ ፊት ያዝኩ። ሶፍቱ ወደ ውስጥ መሳብ ሲገባው ንቅንቅ አላለም። በሩን አውልቀን ከታች አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ቆረጥን፤ የፒቪሲ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ውኃ እንዳይገባበት የታችኛውን ክዳን መልሰን አሸግነው። አሁን ክፍተቱ 2 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የበሩ ስፋት 70 ሴንቲሜትር በመሆኑ 140 ካሬ ሴንቲሜትር የአየር መግቢያ ማለት ነው። ሶፍቱ ይሳባል፣ ሻጋታውም ከተጠረገ ወዲህ አልተመለሰም። ድምፅ ከበፊቱ የበለጠ ይሰማል፤ ሳሎን ፊት ለፊት የሚከፈት መታጠቢያ ቤት ያለው ሰው ይህን ቀድሞ ያስብበት።

በስድስተኛው ወር የበሩ የላይኛው ጥግ በቁልፉ በኩል መቃኑን መንካት ጀመረ። አብጦ አልነበረም፤ እጀታውን ይዤ ወደ ላይ ሳነሣው የላይኛው ማጠፊያ ተንቀሳቀሰ። አጫጭር ብሎኖች ፕላስቲኩን ብቻ ይዘው ስለነበር ላልተዋል። መቃኑ ውስጥ ያለውን ብረት በሚይዙ ረጃጅም ብሎኖች ከተካናቸው በኋላ ስምንት ወር ሆነ፤ አልወረደም። ስትገዙ ማጠፊያው የሚያርፍበት ቦታ ውስጡ ብረት እንዳለው ጠይቁ፤ የእኛን በር ያዳነው እርሱ ነው።