የድሮው 217 የትኛው በር ነው? በደረሰኝ ወይስ በአዋሳኝ

ባሕር ዳር ያለው የአባቴ ቤት ካርታ «ቀበሌ 04፣ የቤት ቁጥር 217» ይላል። በራችን ላይ ያለው ቆርቆሮ ግን 683 ነው። የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ለማገናኘት ሁለት መንገድ ሞከርኩ።

አንደኛው የግብር ደረሰኞችን በየዓመቱ መደርደር ነው። ስሙ ሳይለወጥ ቁጥሩ የተቀየረበትን ዓመት ካገኛችሁ አለቀ። ፈጣን ነው፣ ግን ቀበሌውን አብራችሁ ካልያዛችሁ ጉድ ይሠራል። 217 በሌላ ቀበሌም ነበረ። መጀመሪያ የወጣልኝ ፋይል የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ የቦታው ስፋት አልገጠመም።

ሁለተኛው አዋሳኝ ነው። ካርታችን ላይ በሰሜን መንገድ፣ በምሥራቅ 216 ይላል። የምሥራቋ ጎረቤታችን የድሮ የውሃ ደረሰኛቸውን ከሳጥን አወጡ፦ 216። አሁን በራቸው ላይ 681 ተለጥፏል። 682ስ? ከግቢያቸው ቆርሰው ለልጃቸው የሰጡት ቤት ነው። በ216 ላይ 465 ስትደምሩ 681 ይመጣል። በእኛም ላይ 465 ብትደምሩ ግን የልጃቸው በር ላይ ትቆማላችሁ።

እኔ ከአዋሳኙ ብጀምር እመርጣለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሸጦ ከሄደ ግን ያው ወደ ደረሰኙ ነው።