ሳይክል ስትገዙ ቆጣሪውን አትመኑ፣ የእግራችሁን ዙር ቁጠሩ

ያገለገለ ሳይክል ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብሩን ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ።

የጎረቤቴ ልጅ ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ሳይክል ሊገዛ ነበርና አብሬው ሄድኩ። ሻጩ ከሌሎቹ 8,000 ብር አስበልጦ ጠራ። ለምን ስንለው «ይሄኛው ፈጣን ነዋ! ማርሹ 21 ነው። ካላመናችሁ ንዱትና ቆጣሪውን እዩት» አለን። ልጁ ሜዳ በሆነው አስፋልት ላይ ነዳው። መሪው ላይ የታሰረችው ቆጣሪ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አሳየች። ሲመለስ ፊቱ በርቷል፣ ብር ሊቆጥር ምንም አልቀረውም።

እኔ ግን እግሩን ነበር የማየው። ቀኝ ጉልበቱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያልኩ 15 ሰከንድ ቆጠርኩ፤ 18 ዙር ሆነ። በደቂቃ 72 ዙር ማለት ነው። በዚያ ሳይክል፣ በዚህ እግር 30 አይመጣም።

ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። ልጁ የነዳው ሰንሰለቱን በትልቁ የፊት ባለ ጥርስ ክብና በትንሹ የኋላ ክብ ላይ አድርጎ ነው። ቁጭ ብለን ጥርሶቻቸውን ቆጠርን፤ የፊቱ 42፣ የኋላው 14። 42 ለ14 ሲካፈል 3 ነው። ስለዚህ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የቀረው ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ስንት እንደሚሄድ ማወቅ ነው። ይህንን ከጎማው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ከመገመት መለካት ይሻላል። የከመነዳሪው ቫልቭ ወደ ታች ሲሆን መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሰው ተቀምጦበት፣ ሌላ ሰው ደግፎት፣ ቫልቩ ተመልሶ ታች እስኪደርስ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉትና ሁለተኛ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ መካከል ያለውን በሜትር ለኩ። የእኛው 2.05 ሜትር መጣ።

ስለዚህ በአንድ የፔዳል ዙር 3 ጊዜ 2.05፣ ማለትም 6.15 ሜትር ይሄዳል። በ72 ስናባዛው በደቂቃ 443 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት ሲሆን፦

```
72 × (42 ÷ 14) × 2.05 × 60 ÷ 1000 = 26.6
```

26.6 እንጂ 30 አይደለም። ቆጠራዬ ተሳስቶ ይሆን? አንድ ዙር ብስት እንኳን ልዩነቱ በሰዓት 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ3 በላይ ሊያመጣ አይችልም። እናንተ 30 ሰከንድ ብትቆጥሩ ደግሞ ስህተቱ በግማሽ ይቀንሳል። የጎማው ንፋስ ማነስም ትንሽ ነው የሚለውጠው፣ ለዚያውም ፍጥነቱን የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም።

ከዚያ የቆጣሪዋን ማስተካከያ ከፈትን። የጎማው ዙሪያ 2326 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተሞልቷል! ይህ ሰፊ ጎማ ላለው ባለ 29 ኢንች ሳይክል የሚሆን ልክ ነው። ቆጣሪዋ ራሷ ፍጥነት አታይም፤ የጎማው ሽቦ ላይ ያለችው ማግኔት ባለፈች ቁጥር አንድ ዙር ትቆጥርና በተነገራት ርዝመት ታባዛለች። በ2050 ፈንታ 2326 ሲነገራት ሁሉን ነገር በ13 ከመቶ ታሳብጣለች። ቁጥሩን ስናስተካክለው ያው እግር 26 አካባቢ አመጣ። ሻጩ ሆን ብሎ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ቆጣሪዋ ከሌላ ሳይክል ተነቅላ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ዋጋውን ግን በሷ ነው የጨመረው።

«21 ማርሽ» የሚሏትም ነገር አታሳስታችሁ። ፊት 3 ክብ፣ ኋላ 7 ክብ ሲባዛ ነው 21 የሚሆነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ፍጥነታቸው ተቀራራቢ ነው። ትልቁን ፍጥነት የሚወስነው አንዱ ጥምረት ብቻ ነው። የኋላው ትንሽ ክብ በ14 ፈንታ 11 ጥርስ ቢኖረው ኖሮ በእውነት ልዩነት አለው፤ አንድ የፔዳል ዙር 7.8 ሜትር ያስኬዳል። ግን ያንን የሚገፋ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ሂሳቡ ስለ ጉልበት ምንም አይነግራችሁም። እውነቱን ለመናገር አዲስ አበባ ውስጥ እኔ የማየው በተቃራኒው ያለውን፣ ለዳገት የሚሆነውን ቀላሉን ጥምረት ነው። ፊት 24፣ ኋላ 28 ከሆነ አንድ ዙር 1.76 ሜትር ነው፤ በደቂቃ 60 ዙር ስትመቱ በሰዓት 6.3 ኪሎ ሜትር። ወደ እንጦጦ ስትወጡ የምትፈልጉት ይህንን ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሂሳቡ የሚሠራው እግር ሰንሰለቱን እየጎተተ ሲሆን ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ቆሞ ጎማው ስለሚሮጥ፣ ሻጩ «እዚህ ሞክሩት» ብሎ ቁልቁለት ካሳያችሁ እሺ አትበሉ። ሜዳ ፈልጉ፣ በአንድ ማርሽ ንዱ፣ ማርሽ አትቀያይሩ። ቆጣሪዋን አላስነካም ካለ ደግሞ የስልካችሁን ጂፒኤስ ከፍታችሁ በዚያው ሜዳ ላይ አወዳድሩ።

ልጁ ሳይክሉን ገዛው፣ በሌሎቹ ዋጋ።