አሃዱን መለወጥ ወይስ እንዳለ ማቆየት?

የምርት ዝርዝር መግለጫ የሚተረጉም ሰው በኢንች የተጻፉ ልኬቶች ሲያጋጥሙት ሁለት መንገዶች አሉት፤ አንዱ ሁሉንም ወደ ሚሊሜትር ለውጦ የመጀመሪያውን ማስወገድ ሲሆን፣ ሌላው ዋናውን ልኬት እንዳለ ትቶ የተለወጠውን በቅንፍ ማስከተል ነው።

የመጀመሪያው ለማንበብ ይቀላል፤ አደጋው የሚመጣው ከማጠጋጋት ነው። ዲያሜትሩ 0.750 ኢንች፣ ቶለራንሱም ±0.001 ኢንች የሆነ ዘንግ እንውሰድ። በትክክል ሲሰላ 19.05 ± 0.0254 ሚሊሜትር ይሆናል። ተርጓሚው ቶለራንሱን ወደ ±0.03 ቢያጠጋጋው፣ 19.08 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ ፍተሻውን ያልፋል፤ ዋናው ሰነድ የሚፈቅደው ትልቁ ልኬት ግን 19.0754 ስለሆነ ዘንጉ ወደ ተዘጋጀለት ቀዳዳ አልገባም ሊል ይችላል። ወደ ±0.02 ቢያወርደው ደግሞ ደህና የሆኑ ዘንጎች ይጣላሉ። መለወጥ ግድ ከሆነ እንግዲህ ሁለቱ ወሰኖች ተሰልተው ወደ ውስጥ ይጠጋጉ፦ ከ19.025 እስከ 19.075 ሚሊሜትር።

ሁለተኛው መንገድ ገጹን ያጨናንቃል። ሆኖም መሐንዲሱ ጥርጣሬ ሲገባው የሚመለስበትን ቁጥር ስለሚያቆይለት እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ በቅንፍ ያለው ለማጣቀሻ ብቻ እንደሆነ ግን በሰነዱ መጀመሪያ ላይ መገለጽ አለበት። የሙቀት መጠን ቶለራንስ በተለይ ያሳስታል፤ ±9 ዲግሪ ፋራናይት 32 ሳይቀነስለት ±5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

በደረጃዎች ስያሜ ላይ ምርጫ የለም። በ`ISO 2768-mK` ውስጥ m የርዝመትና የማዕዘን፣ K ደግሞ የቅርጽና የአቀማመጥ ቶለራንስ ክፍልን ስለሚያመለክቱ፣ ስያሜው ፊደሉ ሳይነካ ይቀመጣል፤ በሚመስለው ሌላ ደረጃ መተካት የመሐንዲሱ ውሳኔ ነው።