«የላስታ ነጭ ማር» ተብሎ የሚሸጠውን ከመግዛታችሁ በፊት መለያ ወረቀቱን አንብቡ

በታኅሣሥ ወር አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ ከተዘጋጀ የበዓል ባዛር «የላስታ ደጋ ነጭ ማር፣ በቀጥታ ከገበሬዎች ማኅበር» የሚል መለያ የተለጠፈባቸው ሦስት ብልቃጦች ከተራው ማር እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ ገዛሁ። ሌሎች ገዢዎች በዚሁ የመለያ ጽሑፍ እንዳይታለሉ፣ ዘግይቼ ያስተዋልኩትን እጽፋለሁ። የበዓሉ ጥድፊያ ይዞኝ ስለነበር በገዛሁበት ዕለት ያነበብኩት የፊቱን ትልቅ ፊደል ብቻ ነው።

ከብልቃጡ ጀርባ ያለው ታሪክ ረዘም ያለ ነው። ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡትና ስሙም «ላል ይበላል»፣ ማለትም «ማር ይበላል» ከሚለው እንደመጣ ይተርካል፤ ቀጥሎም ስለ አባቶች ቀፎ አሠራርና ስለ ንጹሕ የተራራ አየር ያወራል። ስለ ማሩ የሚናገረው ግን አንድ መስመር ብቻ ሲሆን፣ እሱም «በሰኔ የተቆረጠ» ይላል። ይህችን መስመር ቀድሜ ባያት ኖሮ ገንዘቤን አላወጣም ነበር።

የላስታና አካባቢው ነጭ ማር የሚገኘው ክረምቱ ሲያበቃ በየተዳፋቱ ከሚያብቡ እንደ መንጠሴ ካሉ ቁጥቋጦዎች ነው፤ ስለዚህ የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው። በሰኔ አካባቢ በደጋው ንቧ የምትቀስመው በአብዛኛው እንደ ብሳናና ባሕር ዛፍ ካሉ ዛፎች ሲሆን፣ ይህ ማር መልካም ቢሆንም መልኩ ነጭ አይደለም። በሚያዝያና በግንቦት የሚቆረጥ ነጭ ማርም አለ፤ እሱ ግን በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ከጌተም ዛፍ የሚገኝ እንጂ የላስታ አይደለም። ስለዚህ ቦታው፣ ወሩና መልኩ የማይስማሙበት መለያ ከሦስቱ አንዱን አሳስቶ ጽፏል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ብልቃጡ ውስጥ ነበር። እውነተኛው የላስታ ነጭ ማር ከተቆረጠ ብዙም ሳይቆይ ረግቶ እንደ ቅቤ ለስላሳ ይሆናል፤ ነጭነቱም ጎልቶ የሚታየው ሲረጋ ነው። የእኔ ግን እንደ ሻይ ቀልቶ የሚፈስ ነበር። ሻጩን ስጠይቀው «ገና ስላልረጋ ነው» አለኝ። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ሳይረጋ የቆየ ነጭ ማር ካለ፣ ወይ ተሞቆ ቀልጧል፣ ወይም ነጭ ማር አይደለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከላይ ቀጭን ፈሳሽ፣ ከሥሩ ደግሞ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ ሻካራ እንክብል ሆኖ ተለያየ። ይህ ብቻውን ስኳር መጨመሩን አያረጋግጥም፤ ይህን የሚያረጋግጠው ላቦራቶሪ ነው። ብዙ ሰው የሚያምንበት የክብሪትና የውሃ ፈተናም ብዙ አያዋጣም፤ በደንብ ወፍሮ የተቀቀለ የስኳር ሽሮፕ ሁለቱንም ሊያልፍ ይችላል።

ክብደቱም ነገር አለው። መለያው «1 ኪሎ» ቢልም ብልቃጡ የግማሽ ሊትር ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ግማሽ ሊትሩ 700 ግራም ያህል ይሆናል፤ እኔም በሚዛን አስቀምጬው ከዚህ ብዙም አልራቀም። ስለዚህ በኪሎ ዋጋ የከፈልኩት ለ700 ግራም ማር ነው።

ከሁሉ ያሳቀኝ ግን ሌላ ቦታ ያየሁት ነው። በጥር መጀመሪያ አንድ ሱቅ ውስጥ «የወንጪ ተራራ ማር» የሚል ብልቃጥ አገኘሁ፤ ታሪኩ ቃል በቃል የእኔው ነበር። የተቀየረው የቦታ ስሙ ብቻ ሲሆን፣ የላሊበላ ንቦች ግን ወንጪ ድረስ ተከትለው መጥተዋል።

«የገበሬዎች ማኅበር» የሚለው ቃልም ያዘናጋል። በገጠር «ገበሬ ማኅበር» ሲባል ብዙውን ጊዜ ቀበሌው ማለት ነው፤ ማር የሚሰበስብና የሚሸጥ የተመዘገበ የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን የራሱ ስም፣ ወረዳና ምዝገባ አለው፣ ብዙውን ጊዜም የዩኒየን አባል ነው። እኔ የገዛሁት ብልቃጥ ላይ ቀበሌም፣ ወረዳም፣ የማኅበር ስምም አልነበረም። ስለዚህ ነጭ ማር ስትገዙ ማኅበሩ የሚገኝበትን ወረዳ፣ ማሩ የተቆረጠበትን ወርና ዓመት እንዲሁም የተሰበሰበበትን የምድብ ቁጥር ጠይቁ። በትክክል የሚሠራ ማኅበር ማሩን ከአባላቱ ሲረከብ ስለሚመዘግብ እነዚህን ለመመለስ አይቸገርም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያሳስት መግለጫ መስጠትን ይከለክላል፤ ነገር ግን ያለ ደረሰኝ አመልክቶ ማስረዳት ይከብዳል። እኔ ከባዛሩ የያዝኩት ስልክ የተጻፈባት ካርድ ብቻ ነበረች፤ ቁጥሩንም እስካሁን የሚያነሳ የለም።