የሱፍና የሐር ልብስ ያላችሁ ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ ለእኚህ እናት አሳዩ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ሽሮ ሜዳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የአገር ልብስ የሚጠግኑ አንዲት እናትን በአደባባይ ለማመስገንና የሱፍም ሆነ የሐር ልብስ በቤቱ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ እዚህ ላይ እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ።

አባታችን የተዉልን ጥቁር የመንዝ ሱፍ በርኖስና እናታችን ለሠርጋቸው የለበሱት የሐር ካባ ለብዙ ዓመታት በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ኖረዋል። ባለፈው ዓመት ለመስቀል ሳጥኑ ሲከፈት በርኖሱ አንገቱ ዙሪያ ተበሳስቶ፣ ካባው ደግሞ በውስጥ በኩል ግራጫ ሻጋታ አውጥቶ አገኘናቸው። ሁለቱም በገበያ የሚተኩ ልብሶች ስላልሆኑ እኅቶቼም እኔም አለቀስን።

በመጀመሪያ የሄድኩበት የልብስ ንጽህና ቤት ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት እንደማይወስድ የሚገልጽ ወረቀት አስፈርሞ ካባውን ተቀበለኝ። ሲመልሱልኝ ስፌቱ ገና እርጥበት እንደያዘ በላስቲክ ጠቅልለውት ነበር፤ ቤት አድርሼ ስፈታው ሽታው ከቀድሞው ብሶ ጠበቀኝ። ስጠይቃቸው የተሰጠኝ መልስ «ከእርስዎ ቤት እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» የሚል ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ ያገኘሁት ልብስ ሰፊ ደግሞ በርኖሱን እንኳ ሳይዘረጋ ለመወልወያ ካልሆነ በቀር እንደማይጠቅም ነገረኝ፤ አያይዞም የካባውን የወርቅ ጥልፍ ፈትቼ እንድሸጥለት ጠየቀኝ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እትዬ ግን ገና ልብሱን እንደተቀበሉኝ ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ወጡ። የአንገቱን እጥፋት ገልብጠው ስፌቱን በጣታቸው ከዳሰሱ በኋላ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ዘርግተው ቀስ እያሉ መታ መታ አደረጉት። ወረቀቱ ላይ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ጥቁር ፍርፋሪ ረገፈ። «አየሽ ልጄ፣ ይህ ትቢያ አይደለም፤ የትሉ ኩስ ነው። ጥቁር የሆነው ጥቁር ሱፍ ስለበላ ነው። ከቀይ ልብስ ቢሆን ኖሮ ቀይ ይሆን ነበር» አሉኝ። ስንት ሰው ያንን ልብስ አይቶ አንድም ሰው ይህን አላየም ነበር።

ቀጥለውም ሥራቸውን በግምት አልጀመሩም። ትሉ አሁንም በሕይወት ያለ መሆኑን ወይም ቀዳዳው የድሮ ጉዳት መሆኑን ለመለየት በርኖሱን በብሩሽ አጽድተው ካራገፉ በኋላ ከንጹሕ ነጭ ወረቀት ጋር በከረጢት ውስጥ አስረው ለአንድ ሳምንት አስቀመጡት። ሲከፈት አዲስ ፍርፋሪ ወረቀቱ ላይ ተገኘ፤ እንዲህ ከሆነ ብሉ አልሞተም ማለት ነው።

ያስረዱኝን ሁሉ ተረድቻለሁ ለማለት አልደፍርም፤ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። በቤት ውስጥ ስትበር የምናያት ትንሽ፣ ገለባ የመሰለች የብል ቢራቢሮ ልብስ አትበላም፤ የሚበላው ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። ትሉ ብርሃን ስለሚሸሽ በእጥፋትና በስፌት ሥር ይደበቃል፤ ከሁሉ አስቀድሞም ላብ፣ ቅቤ ወይም የምግብ ጠብታ የነካውን ቦታ ይመርጣል። የአባታችን በርኖስ ጀርባው ደኅና ሆኖ አንገቱ የተበላው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህም ንጹሕ የሚመስል ልብስ እንኳ አንድ ጊዜ ከተለበሰ ሳይጸዳ ለክረምት መቀመጥ የለበትም።

ትሉን የገደሉት በመድኃኒት አይደለም። በርኖሱን በጨርቅ ከጠቀለሉት በኋላ አየሩን አስወጥተው በላስቲክ አሽገው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ሳምንት አቆዩት። ሲያወጡትም ላስቲኩን ወዲያው አልፈቱትም፤ ቶሎ ቢፈታ የአየሩ እርጥበት በቀዘቀዘው ሱፍ ላይ ጤዛ ሆኖ ስለሚያርፍ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ አንድ ቀን ሙሉ እንደታሸገ ተዉት። ከዚያ በኋላ ቀዳዳዎቹን በዚያው ዓይነት ጥቁር ሱፍ ክር ጠቀሙልኝ፤ አሁን ቦታውን ለይቼ ለማሳየት እኔ ራሴ እቸገራለሁ።

ካባውን በተመለከተ የሠሩትን ደግነት አልረሳውም። ሻጋታን እርጥብ ሳለ መጥረግ ወደ ሐሩ ውስጥ ማሸት መሆኑን ነግረውኝ በመጀመሪያ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠበቁ። ፀሐይ ላይ አላሰጡትም፤ ብርቱ ፀሐይ የሐርን ቀለም ያደበዝዛል፣ ክሩንም ያደክማል። ከዚያም አፍንጫቸውን ሸፍነው ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ አራገፉት። ጥቂት ቢጫ ነጠብጣብ ሲቀር ግን፣ «ሻጋታው ተራግፏል፤ ቀለሙ ከክሩ ውስጥ ስለገባ አይወጣም። ይወጣል ብዬ ገንዘብሽን አልበላም» አሉኝ፤ ለካባውም አንድ ብር አልተቀበሉኝም። ካየሁት ሁሉ በኋላ እንዲህ ያለ እውነተኛ ቃል ከባለሙያ መስማት ዕንባዬን አመጣው።

ለዘንድሮው ክረምት ቤት ድረስ መጥተው ቦታውን አይተውልናል። ሳጥኑ በውጭው ግድግዳ ተጣብቆ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ስለነበር በእንጨት ላይ ከፍ አድርገው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዞሩት፤ በዝናብ ወራት የውጭ ግድግዳ ስለሚቀዘቅዝ አጠገቡ ያለው አየር እርጥበት ይይዛል። በሳጥኑ ውስጥም ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አኖሩ፤ 65 በመቶን ማለፍ ከጀመረ ሻጋታ መቅረቡን እንድናውቅ ነገሩን። ልብሶቹን በታጠበ አቡጀዲ ከረጢት ጨርሶ ክፍተት ሳይተዉ ሰፍተው ዘጉአቸው፤ በየእጥፋቱም ነጭ ወረቀት አስገቡ። ላስቲክ በውስጡ የቀረውን እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ አልፈቀዱም። እኅቴ ሕፃን ልጅ ስላላት ናፍታሊን በቤቱ ውስጥ እንዳይገባ አጥብቀው ከለከሉ፤ ትነቱ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ወይራና ዕጣን ማጠኑ ለሽታው ደስ ቢልም የገባውን ትል እንደማይገድል ሳይደብቁ ነገሩን።

በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ፣ ፀሐይ በወጣበት ረፋድ ላይ ሳጥኑን ከፍተን ልብሶቹን በጥላ እንድናናፍስ፣ ስፌታቸውንም በነጭ ወረቀት ላይ እንድንመታ አዘውናል። እስካሁን ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ መለኪያውም ከልኩ አላለፈም።

እባካችሁ፣ በርኖስ፣ ካባ፣ የሱፍ ሙሉ ልብስ ወይም የሐር ቀሚስ ያላችሁ በግንቦት ውስጥ ውሰዱላቸው፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ልብስ በደንብ ማድረቅ ስለሚያስቸግር ሥራ ይበዛባቸዋል። የነጣ ወይም የተቦረቦረ ቦታ ካለ ሳታጥቡና ሳትተኩሱ እንዳለ አሳዩአቸው፤ ማጠቡ ምልክቱን ያጠፋባቸዋል። የሥራ ቦታቸውን ለማወቅ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስቀድሜ አስፈቅጃቸው እሰጣለሁ። እትዬ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ እጅዎ ይባረክ።