የጎማ መብራት በብርድ ጠዋት፦ ራቭፎር ወይስ ሲአርቪ?

ሚኒያፖሊስ ላይ ኖቬምበር ሲጋመስ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራብኝ፣ መሃሉ ላይ ቃለ አጋኖ አለው፣ መኪናው ምን ሆኖ ነው?» ጎማው ንፋስ ጎድሎት ነው። ማታ ደህና የነበረ መኪና ጠዋት ሲበራበት ሰው ይደነግጣል፣ ቀን ላይ ራሱ ሲጠፋ ደግሞ «ሴንሰሩ ነው የተበላሸው» ብሎ ይተወዋል።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ ይሄ መብራት ከምታስቡት በላይ ያገባችኋል። ከጀርባው ሁለት የተለያየ አሰራር አለ። አንዱ ዳይሬክት፣ ሌላው ኢንዳይሬክት ይባላል። ብዙ ሰው በቶዮታው ራቭፎርና በሆንዳው ሲአርቪ መሃል ስለሚዋልል በእነሱ ላሳያችሁ። ራቭፎር ዳይሬክት ነው፣ ከ2017 ወዲህ ያለው ሲአርቪ ደግሞ ኢንዳይሬክት።

መጀመሪያ ብርዱ ምን እንደሚሰራ እንይ። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። በግምት በየ10 ዲግሪ ፋራናይት 1 ፒኤስአይ ይቀንሳል። ሴፕቴምበር ላይ፣ 70 ዲግሪ በሆነ ከሰዓት፣ ጎማችሁን 33 አስነፍታችሁ ነበር እንበል። ጤነኛ ጎማም ቢሆን በወር ወደ 1 ፒኤስአይ ቀስ እያለ ያፈሳል፣ ስለዚህ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ 31 ገደማ ደርሷል። አንድ ጠዋት 10 ዲግሪ ሆኖ ሲነጋ 60 ዲግሪ ወርዷል ማለት ነው፣ በዚህ ብቻ ሌላ 6 ይሄዳል። የቀረው 25 ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው ጎማው ፋብሪካው ካዘዘው 25 በመቶ ሲጎድል ነው፣ የ33 ከሆነ 25 አካባቢ መሆኑ ነው። ልክ ድንበሩ ላይ ናችሁ።

ከዚያ መንዳት ስትጀምሩ ጎማው እየተጣጠፈ ይሞቃል። ከ20 ደቂቃ በኋላ 3 ወይም 4 ፒኤስአይ ይጨምርና መብራቱ ይጠፋል። ግን ጎማው አልሞላም፣ ሞቀ እንጂ። በነጋታው ጠዋት ያው ነው። (ናይትሮጅን አስሞሉ፣ ብርድ አይነካውም የሚላችሁን አትስሙ። ናይትሮጅንም ሲቀዘቅዝ ልክ እንደ ተራው አየር ይወርዳል።)

አምና ክረምት የሆነውን ልንገራችሁ። እኔ የ2016 ራቭፎር አለኝ፣ ጓደኛዬ የ2018 ሲአርቪ። ሁለታችንም ራይድ ስለምንሰራ በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 5 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነው መኪና የምናስነሳው። ያን ቀን በረዶው ጫማ ስር ሲሰበር ይሰማል። እኔ ከግቢው ወጥቼ ሁለት የትራፊክ መብራት ሳላልፍ የጎማው መብራት በራብኝ። ደወልኩለት። «የእኔ ምንም አላለም፣ የሆንዳ ጎማ ጎበዝ ነው» አለኝ። ማታ መኪኖቹ ውጭ አድረው፣ በማግስቱ ሳናስነሳቸው የንፋስ መለኪያ ይዤ ስምንቱንም ጎማ ለካሁ። የእኔ 24፣ 25፣ 25፣ 24። የእሱ 23፣ 23፣ 24፣ 23። የእሱ ከእኔ ይብስ ነበር፣ መብራቱ ግን ድምፁን አጥፍቶ ነበር።

ለምን መሰላችሁ? ዳይሬክት ሲስተም እያንዳንዱ ጎማ ውስጥ፣ ቫልቩ ስር፣ ባትሪ ያላት ትንሽ ሴንሰር አለችው። ግፊቱን ራሷ ለክታ በራዲዮ ለመኪናው ትናገራለች። መንዳት ስትጀምሩ ወዲያው ታውቃለች። ጎማው 24 ከሆነ 24 ነው የምትለው፣ አራቱም እኩል ቢወርዱ አያታልላትም።

ኢንዳይሬክቱ ጎማ ውስጥ ምንም የለውም። ለኤቢኤስ ፍሬን ተብሎ የተገጠመውን የጎማ ፍጥነት ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው። ንፋስ የጎደለው ጎማ ትንሽ ስለሚያንስ ከጓደኞቹ በጥቂቱ ፈጥኖ ይሽከረከራል። ኮምፒውተሩ ይህን ልዩነት ያይና «የአንዱ ዙር በዝቷል፣ ጎድሎታል» ይላል። አንድ ጎማ ምስማር ወግቶት ሲያፈስ ለመያዝ ጥሩ ነው። ብርድ ግን አራቱንም እኩል ነው የሚያወርደው። ያኔ ጎማን ከጎማ ማወዳደር ብቻውን አይበቃም። አዲሶቹ የጎማውን ንዝረት ጭምር ያነባሉ፣ ሕጉም አራቱም ቢጎድሉ በ20 ደቂቃ ውስጥ እንዲያውቁ ያስገድዳል። ችግሩ ያ 20 ደቂቃ ጎማው የሚሞቅበት ጊዜም ነው። ሲስተሙ አስቦ ሳይጨርስ ግፊቱ ከድንበሩ በላይ ይመለሳል።

የጓደኛዬ ግን ከዚህም የከፋ ነገር ነበረው። ኢንዳይሬክት ሲስተም ትክክለኛውን ንፋስ አያውቅም፣ እናንተ «ይሄ ልክ ነው» ያላችሁትን ነው የሚይዘው። ሆንዳ ላይ ካሊብሬሽን የሚባል ሜኑ አለ። ያንን ስትጫኑ መኪናው አሁን ያለውን እንደ ትክክል ይመዘግባል። እሱ ካቻምና ክረምት መብራቱ ሲበራበት ንፋስ ሳይሞላ ካሊብሬሽኑን ተጫነ። መብራቱ ጠፋ፣ ተገላገልኩ ብሎ ሄደ። ጎማው ያኔ 27 ነበር እንበል። መኪናው 27ን ልክ ብሎ ያዘ፣ ከዚያ 25 በመቶ ስትቀንሱ 20 አካባቢ እስኪደርስ አይናገርም ማለት ነው። ንፋስ በጎደለው ጎማ በረዶ ላይ ሰው ጭኖ ሲነዳ ከረመ። የጎማዎቹ ሁለቱ ጠርዝ ከመሃሉ ቀድሞ ተበልቶ ነበር፣ ንፋስ ሲያንስ እንደዚያ ነው የሚበላው።

ያስተካከልነው እንዲህ ነው። ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ፣ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይተን አራቱንም እዚያ ድረስ ሞላን። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይደለም፣ እሱ ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ነው። ከዚያ ካሊብሬሽን ተጫንን። ሆንዳ ይህን ተምሮ ለመጨረስ በሰዓት ከ30 እስከ 65 ማይል እየተነዳ በድምሩ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ከሆነ የምትሞሉት፣ ውጭ ሲወጣ ስለሚወርድ ለየ10 ዲግሪው ልዩነት 1 ጨምሩ።

እስካሁን ዳይሬክቱ የበለጠ ይመስላል፣ በመለካት በኩል ይበልጣል። ወጪው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሴንሰሯ ባትሪ አላት፣ ባትሪዋ ብቻውን አይቀየርም፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ቆይታ ትሞታለች። እርጅናዋ ቀድሞ የሚታየው በብርድ ጠዋት ነው፣ ባትሪ ሲቀዘቅዝ ይዳከማላ። ይህንን ከንፋስ ማነስ የምትለዩበት ምልክት አለ። መብራቱ ዝም ብሎ ከበራ ንፋስ ጎድሏል። ስታስነሱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ግን ሲስተሙ ራሱ ነው የታመመው። አንዷን ሴንሰር ማስቀየር ከነሥራው ከ50 እስከ 100 ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስወጣል። አንዷ ከሞተች ሦስቱም እኩዮቿ ናቸውና ተራ እየጠበቁ ነው። አዲሶቹን መኪናው እንዲያውቃቸው ደግሞ ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር መመዝገብ አለባቸው።

የክረምት ጎማ ከነቸርኬው ለብቻ የምትይዙ ከሆነ ሂሳቡ ይጨምራል፣ ሁለተኛ አራት ሴንሰር ያስፈልጋችኋል፣ አለበለዚያ መብራቱ ክረምቱን ሙሉ አብሯችሁ ይከርማል። ኢንዳይሬክት ላይ ይህ ሁሉ የለም። ጎማ ቀይሩ፣ ንፋስ ሙሉ፣ ካሊብሬሽን ተጫኑ፣ አለቀ።

አዲስ አበባ ያላችሁም ከአሜሪካ የገባ መኪና ስትገዙ ይህን አስቡበት። የአሜሪካ ስሪት ሴንሰሮች ብዙዎቹ በ315 ሜጋኸርዝ ነው የሚናገሩት፣ የአውሮፓዎቹ በ433። ጎሚስታው ያገኘውን ሴንሰር ቢገጥምላችሁ መኪናው ላይሰማው ይችላል። ጎሚስታው ጎማውን በፔሮ ሲያወልቅ ሴንሰሯን እንዳይሰብራትም ቀድማችሁ ንገሩት።

ልትገዙ ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፣ መኪናው ሳይሞቅ። መጀመሪያ ቁልፉን ክፈቱና ዳሽቦርዱን እዩ። የጎማው መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ነካክቶት ሊሆን ይችላል፣ ሻጩን ጠይቁት። ዳይሬክት ያለው መኪና ዕድሜው 8 ዓመት ካለፈ ሴንሰሮቹ ተቀይረው ያውቁ እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልተቀየሩ ወደ 300 ዶላር ከዋጋው አስቀንሱ። ኢንዳይሬክት ከሆነ መብራቱ አለመብራቱ ምንም አይነግራችሁም፣ ሻጩ ትናንት ካሊብሬሽን ተጭኖ ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ መለኪያ አራቱንም ለኩ። 10 ዶላር የማይሞላ መለኪያ ነው።

እኔ ብጠየቅ፣ በወር አንዴ ጎንበስ ብሎ ጎማ የሚለካ ሰው፣ በተለይ ሁለት ዓይነት ጎማ የሚቀያይር ከሆነ፣ ሲአርቪውን ይግዛ፣ ወጪው ይቀንስለታል። ለባለቤቴ ግን ራቭፎሩን ነው የመረጥኩት። የምትሠራው ሆስፒታል ስለሆነ ጨለማ ሳይገፈፍ ነው የምትወጣው፣ ያን ሰዓት በረዶ ላይ ተንበርክኮ ጎማ የሚለካ ሰው የለም። ባለፈው ጃንዋሪ የኋላ ቀኝ ጎማዋ ላይ ምስማር ገብቶ ስታስነሳው በራላት፣ እዚያው ደውላልኝ የእኔን መኪና ይዛ ሄደች።