ዘንባባ ወይስ ጃካራንዳ? ለአዲስ ቤት ፊት የሚሆን ያደገ ዛፍ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠርተው ፊቱ ላይ ያደገ ዛፍ ከፈለጉ፣ ለጠባብ ግቢ እኔ ዘንባባን እመርጣለሁ። ግንዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ቅጠሉም ከላይ ስለሆነ በረንዳውና መስኮቱ በግራና ቀኝ በደንብ ይታያሉ። ትልቅ ሆኖ መዛወርንም ይችላል። ሥሩ ብዙና ቀጫጭን ስለሆነ አብሮት የሚነሳው አፈር ትንሽ ቢሆን ይበቃዋል። ችግሩ የሚያድገው ከአንዲት የጫፍ እምቡጥ መሆኑ ነው። ሲጫን እሷ ከተጎዳች አለቀለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ያልተከፈተውን የመሃል ቅጠል ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ተነቅሎ ከወጣ ውስጡ በስብሷል ማለት ነው።

ጃካራንዳ ጥላው ይበልጣል፣ አበባውም ልብ ይሰርቃል። ግን ግንዱ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው አፈር አብሮት መነሳት አለበት። ያለ ክሬን አይሞከርም። ቅርንጫፉ ስለሚንሰራፋ ከቤቱ መሃል ሳይሆን ከማዕዘኑ ወጣ ብሎ፣ ከግድግዳው ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ይተከል። የታችኞቹ ቅርንጫፎች በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይቆረጡ።

በሁለቱም ምርጫ የተክል አጥሩ ከመስኮት በታች ይከርከም። ሣሩና ግድግዳው መካከል ግማሽ ሜትር ጠጠር ይግባ፤ አለዚያ ሣር ሲጠጣ የሚረጨው ውሃ የግድግዳውን ቀለም ይልጠዋል።